የዲጂታል አንቴና ቻናል ፍለጋ

የቻናል ፍለጋ ወይም ስካን በአንቴና የሚሠራ ዲጂታል ቴሌቪዥን በአካባቢው አየር ላይ ያሉትን የስርጭት ፍሪኩዌንሲዎች አንድ በአንድ ፈትሾ ያገኛቸውን ጣቢያዎች የሚመዘግብበት ሥራ ነው። ተመልካቹ በሪሞት ቻናል ሲቀይር ቴሌቪዥኑ የሚመራው በዚህ መዝገብ ነው። አንድ ጣቢያ የሚያሰራጭበትን ፍሪኩዌንሲ ሲቀይር በመዝገቡ ውስጥ የድሮው ቦታ እንደተጻፈ ስለሚቀር ጣቢያው ሥራውን ሳያቋርጥ ከስክሪኑ ይጠፋል። በዚህ ጊዜ ፍለጋውን እንደገና ማካሄድ ያስፈልጋል፤ ይህም ዳግም ፍለጋ ይባላል።

የአሠራሩ ዝርዝር እንደየአገሩ የስርጭት ደረጃ ይለያያል። ይህ መጣጥፍ የሚያተኩረው በዩናይትድ ስቴትስ ሲሆን፣ እዚያ እ.ኤ.አ. ከ2017 እስከ 2020 ባለው ጊዜ ወደ 1,000 የሚጠጉ ጣቢያዎች ፍሪኩዌንሲያቸውን ቀይረዋል። ምሳሌዎቹ የተወሰዱት ብዙ ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩበት ከዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ነው።

## ሁለት ዓይነት የቻናል ቁጥር

በአሜሪካ እያንዳንዱ የቴሌቪዥን ጣቢያ ሁለት ቁጥሮች አሉት። አንደኛው ተመልካቹ የሚያውቀውና በሪሞት የሚጫነው ቁጥር ሲሆን፣ ለምሳሌ 4.1 ወይም 9.1 ተብሎ በነጥብ ይጻፋል። ይህ *የመለያ ቁጥር* ነው። ሁለተኛው ሲግናሉ በእርግጥ የሚጓዝበትን ፍሪኩዌንሲ የሚያመለክት ሲሆን *የስርጭት ቁጥር* ሊባል ይችላል። ሁለቱ አንዳንድ ጊዜ ይገጣጠማሉ፤ ብዙ ጊዜ ግን አይገጣጠሙም።

ለዚህ መነሻው ታሪክ ነው። በአናሎግ ዘመን ቻናል 4 ማለት ከ66 እስከ 72 ሜጋኸርትዝ ያለው ፍሪኩዌንሲ ማለት ነበር፤ ቁጥሩና ቦታው አንድ ነበሩ። ሙሉ ኃይል ያላቸው ጣቢያዎች እ.ኤ.አ. ሰኔ 12 ቀን 2009 የአናሎግ ስርጭታቸውን ሲያቆሙ ብዙዎቹ በሌላ ፍሪኩዌንሲ ላይ ቀሩ። ሆኖም ተመልካች ለአሥርተ ዓመታት የለመደውን ቁጥር መጣል አልፈለጉም። ስለዚህ የድሮው ቁጥር በዲጂታሉ ሲግናል ውስጥ እንደ ስም ተጽፎ እንዲላክ ተደረገ።

የስርጭት ቁጥር ወደ ፍሪኩዌንሲ የሚለወጠው በቀላል ስሌት ነው። እያንዳንዱ ቻናል 6 ሜጋኸርትዝ ስፋት አለው። ዩኤችኤፍ የሚባለው ክልል ከቻናል 14 ይጀምራል፤ የቻናል 14 የታችኛው ጠርዝ ደግሞ 470 ሜጋኸርትዝ ነው። ስለዚህ የማንኛውም የዩኤችኤፍ ቻናል የታችኛው ጠርዝ፦

```
470 + 6 × (n − 14)
```

ይሆናል፤ `n` የስርጭት ቁጥሩ ነው። ለቻናል 34 ስሌቱ 470 + 6 × 20 = 590 ስለሚሆን ቻናሉ ከ590 እስከ 596 ሜጋኸርትዝ ያለውን ቦታ ይይዛል ማለት ነው።

## በፍለጋ ጊዜ የሚሆነው

ተመልካቹ የፍለጋውን ትእዛዝ ሲሰጥ በቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለው መቃኛ ከመጀመሪያው ቻናል ተነስቶ እያንዳንዱን ባለ 6 ሜጋኸርትዝ ቦታ ይጎበኛል። በየቦታው የዲጂታል ስርጭት ምልክት መኖር አለመኖሩን ያያል። ምልክት ከሌለ ወደ ቀጣዩ ያልፋል። ካለ ሲግናሉን ለመያዝ ይሞክራል፤ ከያዘም በውስጡ አብሮ የሚላከውን የቻናሎች ሰንጠረዥ ያነባል።

ሰንጠረዡን የሚልከው ጣቢያው ራሱ ሲሆን ያለማቋረጥ ይደጋገማል። «በዚህ ሲግናል ውስጥ ያሉት ፕሮግራሞች 4.1፣ 4.2፣ 4.3 ናቸው፤ ስማቸውም ይህ ይህ ነው» እንደማለት ነው። ቴሌቪዥኑ ይህን አንብቦ «4.1 የሚገኘው በስርጭት ቁጥር 34 ነው» ብሎ ይመዘግብና ይቀጥላል። አንድ ፍሪኩዌንሲ ብዙ ፕሮግራም ሊሸከም ስለሚችል በአንድ ጊዜ አምስት ወይም ስድስት ቻናል ሲጨመር ማየት የተለመደ ነው።

ከዚህ ሁለት ነገሮች ይከተላሉ። አንደኛ፣ መዝገቡ የሚያሳየው ፍለጋው በተካሄደበት ሰዓት የነበረውን ሁኔታ ብቻ ነው። አብዛኛው ቴሌቪዥን ከዚያ በኋላ በየጊዜው ተመልሶ አይፈትሽም። ሁለተኛ፣ ወደ መዝገቡ የሚገባው በዚያ ቅጽበት በደንብ የተያዘ ሲግናል ብቻ ነው። በአሜሪካው ደረጃ አንድን ሲግናል ለመያዝ ከጫጫታው በ15 ዴሲቤል ገደማ መብለጥ አለበት። ከዚያ በታች ከሆነ ደብዛዛ ሥዕል እንኳ አይኖርም፤ ጭራሽ አይታይም። ስለዚህ ደካማ ጣቢያ በአንዱ ፍለጋ ተገኝቶ በሚቀጥለው ሊታለፍ ይችላል።

## እ.ኤ.አ. ከ2017 እስከ 2020 የተደረገው ሽግግር

የሞባይል ኩባንያዎች ተጨማሪ ፍሪኩዌንሲ በመፈለጋቸው የአሜሪካ የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ሁለት ገጽታ ያለው ጨረታ አካሄደ። በአንድ በኩል ፈቃደኛ የሆኑ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ፍሪኩዌንሲያቸውን የሚለቁበትን ዋጋ አቀረቡ፤ በሌላ በኩል የሞባይል ኩባንያዎች ለመግዛት ተጫረቱ። እ.ኤ.አ. በ2017 ሲጠናቀቅ ገዢዎቹ 19.8 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ያቀረቡ ሲሆን ከዚህ ውስጥ ከ10 ቢሊዮን የሚበልጠው ለለቀቁት ጣቢያዎች ደረሰ።

በውጤቱ ከ614 እስከ 698 ሜጋኸርትዝ ያለው ክልል፣ ማለትም ከቻናል 38 እስከ 51 ያለው፣ ከቴሌቪዥን አገልግሎት ወጣ። እዚያ የነበሩና ያልሸጡ ጣቢያዎች በቻናል 36 ወይም ከዚያ በታች ቦታ ሊሰጣቸው ግድ ሆነ። እነሱን ለማስገባት ደግሞ ቀድሞውኑ ከ36 በታች የነበሩ ጣቢያዎችም መነካት ነበረባቸው፤ በሞላ መደርደሪያ ላይ አንድ መጽሐፍ ለመጨመር ሌሎቹን እንደማንቀሳቀስ ማለት ነው። አንድ ጣቢያ ወደ አዲሱ ቦታው የሚገባው ቀድሞ የነበረው ሲለቅ በመሆኑ ሥራው በ10 ምዕራፍ ተከፍሎ 39 ወር ያህል ወስዶ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2020 አለቀ።

ለተመልካቹ ይህ ማለት ሽግግሩ በአንድ ቀን የተጠናቀቀ አልነበረም ማለት ነው። የአንድ ከተማ ጣቢያዎች በተለያየ ጊዜ ሊቀይሩ ስለሚችሉ አንድ ጊዜ ፈልጎ የጨረሰ ሰው ከወራት በኋላ ሌላ ቻናል ጠፍቶበት እንደገና መፈለግ ሊኖርበት ይችል ነበር።

## ምሳሌ፦ የዋሽንግተን ቻናል 4

የኤንቢሲ ጣቢያ የሆነው ደብልዩ-አር-ሲ በዋሽንግተን ከአናሎግ ዘመን ጀምሮ ቻናል 4 በመባል ይታወቃል። ከሽግግሩ በፊት ዲጂታል ስርጭቱ የሚገኘው በስርጭት ቁጥር 48፣ ማለትም ከ674 እስከ 680 ሜጋኸርትዝ ነበር። 48 ከሚለቀቀው ክልል ውስጥ ስለሆነ ጣቢያው ወደ 34 ተዛወረ። የመለያ ቁጥሩ ግን አልተነካም፤ ከለውጡ በፊትም በኋላም 4.1 ነው።

አሁን በሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር አንድ ቤተሰብ እንበል። ቴሌቪዥናቸው ከለውጡ በፊት የመዘገበው «4.1 በ48» የሚል ነው። ጣቢያው በተዛወረ ማግስት 4.1 ሲጫን ቴሌቪዥኑ በመዝገቡ መሠረት ወደ 674 ሜጋኸርትዝ ይሄዳል። እዚያ የቴሌቪዥን ስርጭት የለም። በአሁኑ ጊዜ ያ ቦታ የእጅ ስልኮች ወደ ማማ ለመላክ ከሚጠቀሙበት ክልል ውስጥ ይገኛል። ስለዚህ በስክሪኑ ላይ `No Signal` የሚል ጽሑፍ ይወጣል። በዚያው ሰዓት የ4.1 ሲግናል በ590 ሜጋኸርትዝ ላይ በሙሉ ኃይሉ ወደ አንቴናቸው እየደረሰ ነው። የጎደለው ቴሌቪዥኑ ወዴት መሄድ እንዳለበት ማወቁ ብቻ ነው።

ይህን ለማረጋገጥ ቀላል ዘዴ አለ። በብዙ ቴሌቪዥኖች የስርጭት ቁጥሩን በቀጥታ፣ ማለትም 34 ብሎ መጫን ይቻላል። መሣሪያው ወደዚያ ፍሪኩዌንሲ ሄዶ ሰንጠረዡን ካነበበ በኋላ ራሱ 4.1 ብሎ ያሳያል። ይህ ከሠራ አንቴናውም ገመዱም ደህና ናቸው፤ ያረጀው መዝገቡ ነው።

በአጎራባቿ ባልቲሞር ደግሞ ይበልጥ የሚያደናግር ነገር ሆነ። የመለያ ቁጥሩ 11 የሆነው ጣቢያ ከስርጭት ቁጥር 11 ወደ 12 ሲሄድ፣ የመለያ ቁጥሩ 13 የሆነው በፈንታው ወደ 11 ገባ። በአሮጌ መዝገብ 11.1ን የሚፈልግ ቴሌቪዥን በተባለው ቦታ ጠንካራ ሲግናል ያገኛል፤ ሲግናሉ ግን የሌላ ጣቢያ ነው። ስለዚህ የሲግናል መጠን መለኪያው ጥሩ ማሳየቱ ብቻውን መዝገቡ ትክክል ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም።

## የዳግም ፍለጋ ቅደም ተከተል

የማውጫው ስም እንደየቴሌቪዥኑ ቢለያይም ሥራው ተመሳሳይ ነው።

1. አሁን የሚሠሩትን ቻናሎች በወረቀት መጻፍ። ፍለጋው የቀድሞውን መዝገብ ሊደመስስ ስለሚችል በኋላ የጎደለውን ማወቅ የሚቻለው በዚህ ነው።
2. በማውጫው ውስጥ `Channels`፣ `Tuner` ወይም `Setup` በሚል ስም ወደሚገኘው ክፍል መግባት።
3. የሲግናሉን ምንጭ `Antenna` ወይም `Air` ማድረግ።
4. `Channel Scan`፣ `Auto Program` ወይም `Auto Tuning` የሚለውን መርጦ ፍለጋው እስኪያልቅ መጠበቅ። ብዙ ጊዜ ጥቂት ደቂቃዎች ይወስዳል፤ በመሀል ማቋረጥ አይገባም።
5. ውጤቱን ከተጻፈው ዝርዝር ጋር ማነጻጸር።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በሦስተኛው ደረጃ ነው። ምንጩ `Cable` ከሆነ ቴሌቪዥኑ የሚፈልገው በኬብል የሚላክ ሌላ ዓይነት ሲግናል ነው፤ አንቴናው የፈለገውን ያህል ጥሩ ቢሆንም ምንም አያገኝም። ከመቶ በላይ ቻናሎችን ፈትሾ «0 ተገኘ» ካለ በመጀመሪያ መታየት ያለበት ይህ ምርጫ ነው። ከግድግዳ የሚወጣውን ገመድ በተለየ ሪሲቨር ለሚጠቀሙ ፍለጋው መካሄድ ያለበት በሪሲቨሩ ማውጫ ነው፤ በቴሌቪዥኑ ማውጫ ቢፈለግ ለውጥ አያመጣም።

### ድርብ ፍለጋ

አንዳንድ መሣሪያዎች አዲስ ያገኙትን ይጨምራሉ እንጂ የድሮውን አያጠፉም። በዚህ ጊዜ 4.1 ሁለት ቦታ ተመዝግቦ መሣሪያው ወደ አሮጌው ሊሄድ ይችላል። ለዚህ የሚሠራበት መንገድ ድርብ ፍለጋ ይባላል፦

1. የአንቴናውን ገመድ ከቴሌቪዥኑ መንቀል።
2. ገመዱ እንደተነቀለ ፍለጋውን ማካሄድ። ምንም ስለማይገኝ መዝገቡ ባዶ ይሆናል።
3. ቴሌቪዥኑን አጥፍቶ ከኤሌክትሪክ ነቅሎ አንድ ደቂቃ ያህል መቆየት።
4. ኤሌክትሪኩንና አንቴናውን መልሶ ሰክቶ እንደገና መፈለግ።

ይህ ትርጉም የለሽ ሥርዓት ሊመስል ይችላል። ሆኖም የመጀመሪያው ፍለጋ ዓላማ ቻናል ማግኘት ሳይሆን የተሳሳተውን መዝገብ ማጽዳት ነው።

## ዳግም ፍለጋ የማይፈታው ችግር

ዳግም ፍለጋ የሚያስተካክለው መዝገቡን ነው፤ አንቴናውን አይለውጥም። በዋሽንግተን ይህ በግልጽ ይታያል። ደብልዩ-ጄ-ኤል-ኤ በስርጭት ቁጥር 7፣ ደብልዩ-ዩ-ኤስ-ኤ ደግሞ በ9 ላይ የነበሩ ሲሆን በሽግግሩም ከቦታቸው አልተነሱም። እነዚህ ቪኤችኤፍ በሚባለው ዝቅተኛ ክልል ውስጥ ሲሆኑ አብዛኞቹ የከተማዋ ጣቢያዎች ግን በዩኤችኤፍ ናቸው።

ልዩነቱን በሞገዱ ርዝመት መረዳት ይቻላል። የቻናል 9 መካከለኛ ፍሪኩዌንሲ 189 ሜጋኸርትዝ ስለሆነ ሞገዱ 1.6 ሜትር ገደማ ይረዝማል። የቻናል 34 ሞገድ ግን ግማሽ ሜትር ብቻ ነው። ሁለት ክንድ ያለው የቤት ውስጥ አንቴና በደንብ የሚሠራው እያንዳንዱ ክንድ የሞገዱን ሩብ ያህል ሲረዝም ነው፤ ይህም ለቻናል 9 ወደ 40 ሳንቲሜትር፣ ለቻናል 34 ደግሞ 13 ሳንቲሜትር ያህል ነው። በመስኮት ላይ የሚለጠፉት ጠፍጣፋ አንቴናዎች በብዛት የተሠሩት ለዩኤችኤፍ በመሆኑ 4.1ና 5.1 ቁልጭ ብለው እየታዩ 7.1ና 9.1 ሊጠፉ ይችላሉ። በዚህ ጊዜ ደጋግሞ መፈለግ አይጠቅምም። የሚረዳው ክንዶቹ የሚሳቡ አንቴና መጠቀም ወይም ለሁለቱም ክልል የተሠራ መግዛት ነው።

ሌላው ገደብ የሲግናል ማጉያ ነው። ለማሰራጫዎቹ ቅርብ በሆነ ቤት ማጉያው ሲግናሉን ከመጠን በላይ አግኖ መቃኛውን ሊያጨናንቀው ይችላል። አብዛኞቹ የዋሽንግተን ማሰራጫዎች በከተማዋ ሰሜን ምዕራብ ክፍል ስለሆኑ እንደ ሲልቨር ስፕሪንግ ባለ ቅርብ ሰፈር ማጉያውን አውጥቶ መሞከር ተገቢ ነው። አንቴናውም ወደዚያ አቅጣጫ መዞር አለበት፤ ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ ደቡብ ምዕራብ፣ ከአሌክሳንድሪያ ደግሞ ወደ ሰሜን።

አንዳንድ ጊዜም ጣቢያው በእርግጥ ፍሪኩዌንሲውን ሸጦ ሊሆን ይችላል። ይህ ሁልጊዜ ከአየር መውጣት ማለት አይደለም። የመለያ ቁጥሩ 20 የሆነው ደብልዩ-ዲ-ሲ-ኤ ቦታውን ከለቀቀ በኋላ የመለያ ቁጥሩ 5 ከሆነው እህት ጣቢያው ጋር በስርጭት ቁጥር 36 ተጋርቷል። ሁለት ጣቢያ፣ ሁለት መለያ ቁጥር፣ ግን አንድ ፍሪኩዌንሲ ማለት ነው። ያልፈለገ ተመልካች 20.1 የተዘጋ ይመስለዋል፤ ፍለጋ ያካሄደ ግን በተለመደው ቁጥሩ ያገኘዋል።

## የችግሩን ምንጭ መለየት

የጠፋው አንድ ጣቢያ ከነተከታዮቹ ብቻ ከሆነ፣ ለምሳሌ 4.1፣ 4.2ና 4.3 በአንድ ጊዜ ከጠፉ፣ ሁሉም የሚጓዙት በአንድ ፍሪኩዌንሲ ስለሆነ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው የፍሪኩዌንሲ ለውጥ ነው። ሁሉም ቻናል በአንድ ጊዜ ከጠፋ ግን ገመዱ፣ ማጉያው ወይም የምንጭ ምርጫው መታየት አለበት። ሥዕሉ እየተቆራረጠና ወደ ትንንሽ አራት ማዕዘኖች እየተበተነ የሚመጣ ከሆነ መዝገቡ ትክክል ነው፤ ቴሌቪዥኑ ቦታውን አግኝቷል፣ ሲግናሉ ግን ደካማ ነው። ይህ የአንቴና ቦታና አቅጣጫ ጉዳይ ነው።

ከኮምፒዩተር ጋር የሚሠራ መቃኛ ያለው ሰው ቴሌቪዥኑ የማያሳየውን ዝርዝር ማየት ይችላል። ለምሳሌ ኤችዲሆምረን በተባለው መሣሪያ ፍለጋው የሚታዘዘው እንዲህ ነው፦

```
hdhomerun_config FFFFFFFF scan /tuner0
```

ከውጤቱ ውስጥ የአንድ ፍሪኩዌንሲ ዋና ዋና መስመሮች የሚከተለውን ይመስላሉ፤ የሲግናል ቁጥሮቹ ለማሳያ የገቡ ናቸው።

```
SCANNING: 593000000 (us-bcast:34)
LOCK: 8vsb (ss=88 snq=74 seq=100)
PROGRAM 3: 4.1 WRC
```

የመጀመሪያው መስመር የስርጭት ቁጥሩንና የመካከለኛ ፍሪኩዌንሲውን፣ የመጨረሻው ደግሞ የመለያ ቁጥሩን ያሳያል፤ የዚህ መጣጥፍ ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን ማለት ነው። በመካከለኛው መስመር `ss` የሲግናሉ ኃይል፣ `snq` ከጫጫታ አንጻር ያለው ጥራት፣ `seq` ደግሞ ውሂቡ ያለ ስህተት መድረሱ ነው። `ss` ከፍ ብሎ `snq` ዝቅ ካለ ኃይል አልጎደለም፤ ከግድግዳና ከሕንፃ የሚንፀባረቅ ሞገድ ወይም የማጉያ መጨናነቅ ይጠረጠራል። `seq` ከ100 በታች ሲወርድ ሥዕሉ መቆራረጥ ይጀምራል።

## ከዲሽ ፍለጋ ጋር ያለው ልዩነት

በኢትዮጵያ የዲሽ ሪሲቨር ላይ ቻናል «ሰርች» ያደረገ ሰው ፍሪኩዌንሲውን፣ ቋሚ ወይም አግድም መሆኑንና ሲምቦል ሬቱን በእጁ ማስገባትን ያውቃል። እነዚህ ቁጥሮች ሲለወጡ አዲሶቹን ካላወቀ በስተቀር ቻናሉን ላያገኘው ይችላል። በአሜሪካው የምድር ስርጭት ግን የቻናሎቹ ስፋትና የሲግናሉ ዓይነት አስቀድሞ የተወሰነ፣ የሚፈተሹት ቦታዎችም ከ2 እስከ 36 ያሉት ብቻ ስለሆኑ ተመልካቹ ምንም ቁጥር ማስገባት አይጠበቅበትም። በዚህ ምክንያት ከአገር ቤት የለመዱትን ይዘው አዲሱን ፍሪኩዌንሲ ከሰው የሚጠይቁ ተመልካቾች በማውጫው ውስጥ የሚጽፉበት ቦታ አያገኙም። ሁለቱ የሚመሳሰሉት በአንድ ነገር ነው፦ በሁለቱም ጣቢያው ሲዛወር መሣሪያው ራሱ አይከተለውም፤ መዝገቡን የሚያድሰው ተመልካቹ ነው።